ከቀልዱ በስተጀርባ ያለው ቃል፦ የጨዋታ ማስታወቂያን ለባንክ ስለማስማማት

(በማስታወቂያ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ብዙ ማስታወቂያዎችን እየጠቀስሁ ከማደክማችሁ፣ አንዷን ብቻ ይዘን ከመጀመሪያ ቃሏ እስከ መጨረሻ ቃሏ ብንፈታት ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። ማስታወቂያዋን ለዚህ ንግግር ስል ራሴ ያዘጋጀኋት ናት። አሃዞቹም የማንም ባንክ አሃዞች አይደሉም። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነቱን ቋንቋ በስልካችሁም፣ በሬዲዮም፣ በታክሲ ጀርባም እንደምታውቁት እርግጠኛ ነኝ። እንዲህ ትላለች፦

«ኪስህ ደረቀ? አትጨነቅ! በአንድ ደቂቃ 5,000 ብር እጅህ ላይ! ወለድ የለም! ዋስትና የለም! ጣጣ የለም! አሁኑኑ ውሰድ፣ ሕይወትህን አጣጥም!»

ይህች ጽሑፍ ለለስላሳ መጠጥ ወይም ለማስቲካ ብትሆን ኖሮ ብዙም የሚነቀፍ ነገር አላገኝባትም ነበር። ምት አላት፤ ሦስቱ «የለም» ተከታትለው ሲመጡ ጆሮ ላይ ይቀራሉ። እኔም ወደ ባንክ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የሳሙናና የብስኩት ማስታወቂያ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲወጣልኝ የሚሰማኝን ደስታ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ማስቲካ የገዛ ሰው ማስታወቂያው ቢያጋንንበት የሚያጣው የማስቲካውን ዋጋ ነው፤ ብድር የወሰደ ሰው ግን ከማስታወቂያው ጋር ለ30 ቀናት አብሮ ይኖራል፤ በሠላሳኛው ቀንም ማስታወቂያውን ከሒሳቡ ጋር ያስተያየዋል።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ «ረጋ አድርገህ ጻፈው» ተብሎ ሲሰጠን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ቃለ አጋኖዎቹን መሰረዝ፣ «ህ» የነበረውን «ዎ» ማድረግና ጥቂት ከባድ ቃላት መጨመር ነው። እኔ ግን ጽሑፉን ከመንካቴ በፊት ባዶ ወረቀት አወጣለሁ፤ በማስታወቂያው ውስጥ የተሰጡትን ቃሎች፣ ማለትም ደንበኛው ነገ መጥቶ «ብላችሁ ነበር» ሊለን የሚችልባቸውን ነገሮች፣ በተራ ቋንቋ እጽፋቸዋለሁ። ቀልድ ቃል የመስጠት ባሕርይ አለው፤ እየሳቅን የሰጠነው ቃል ግን ቃል መሆኑ አይቀርም። ከዚህች አጭር ጽሑፍ ስድስት ቃሎች ወጥተውልኛል፤ ገንዘቡ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል፣ መጠኑ 5,000 ብር ነው፣ ወለድ አይከፈልም፣ ዋስትና አይጠየቅም፣ ምንም ዓይነት ችግር አይገጥምም፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ማስታወቂያውን ለሚያይ ማንኛውም ሰው ነው። የመጨረሻው በጽሑፉ ውስጥ የለም እንዳትሉኝ፤ «አሁኑኑ ውሰድ» ተብሎ የታዘዘ ሰው «እኔን አይደለም» ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ነገር የለም።

ቀጥሎ ይህን ወረቀት ይዞ ወደ ምርቱ ባለቤቶች መሄድ ነው፤ ወደ ብድር ክፍሉ፣ ወደ ሲስተም ሰዎቹ፣ ወደ ሕግና ኮምፕሊያንስ። የሚጠየቀውም «ጽሑፉ ጥሩ ነው?» ተብሎ ሊሆን አይገባም፤ እንዲያ ከተጠየቀ ሁሉም የቋንቋ አስተያየት ሰጥቶ ይሸኛችኋልና። «ይህ እውነት የሚሆነው መቼ ነው? የማይሆነውስ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በምሳሌያችን የተገኘው መልስ እንዲህ ነው እንበል። ብድሩ የሚፈቀደው በባንኩ ቢያንስ ለስድስት ወራት ሒሳባቸውን ላንቀሳቀሱ ደንበኞች ነው። ጣሪያው 5,000 ብር ሲሆን ለሁሉም 5,000 አይፈቀድም። ገንዘቡ በጥቂት ደቂቃዎች የሚገባው ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው። ወለድ ተብሎ የሚጠራ ነገር የለም፤ ነገር ግን የብድሩ 6 በመቶ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ አስቀድሞ ይወሰዳል። ብድሩ በ30 ቀናት ይመለሳል፤ ከዘገየ በየቀኑ 10 ብር ቅጣት አለው።

እንግዲህ ቀልዱ የሸፈነውን እያንዳንዱን በየተራ እንመልከት። ጊዜ የምሰጠው ከሁሉም በላይ ለ«ወለድ የለም» ነው።

በቃላት ደረጃ ሐሰት አይደለም ሊባል ይችላል፤ በውሉ ላይ ወለድ የሚል ቃል የለምና። ሒሳቡን ግን እንሥራ። 5,000 ብር የተበደረ ሰው 300 ብር ተይዞበት እጁ ላይ የሚደርሰው 4,700 ብር ነው፤ በወሩ 5,000 ይመልሳል። ስለዚህ 300 ብር የከፈለው ለ5,000 ሳይሆን በእርግጥ ለተጠቀመበት 4,700 ብር ነው፤ ይህም ከ6 በመቶ አልፎ 6.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ሰው በየወሩ እየመለሰ በየወሩ ቢበደር፣ ዓመቱን ሙሉ በእጁ ያለው ያው 4,700 ብር ሆኖ፣ የሚከፍለው 3,600 ብር ነው። በዓመት ሲታሰብ ከ76 በመቶ በላይ ማለት ነው። ይህን የምለው ምርቱ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ አንድ ጊዜ 300 ብር ከፍሎ 4,700 ብር ማግኘት ለብዙ ሰው የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። የምለው፣ ይህን ሒሳብ ያየ ጸሐፊ «ወለድ የለም» ለማለት ቀርቶ «አነስተኛ ክፍያ» ለማለትም ብዕሩ እሺ እንደማይለው ነው። «አነስተኛ» የሚለውን ቅጽል አውጥታችሁ «300 ብር» ብላችሁ ጻፉት፤ ማነሱንና መብዛቱን ደንበኛው ራሱ ይፍረድ።

በአገራችን ደግሞ የዚህ ሐረግ ጣጣ ከዚህም ያልፋል። «ከወለድ ነፃ» ማለት በሃይማኖታዊ መርሕ ላይ ለቆመ የባንክ አገልግሎት የተሰጠ የታወቀ ስም ነው። መደበኛ ባንኮች በልዩ መስኮት ይሰጡታል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ራሴ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ተቋም፣ «ወለድ የለም» የሚል ሐረግ ሳልጠይቅ አሳልፌ ነበር። ከተለጠፈ ጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅርንጫፍ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሳለ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ከመስኮቱ ፊት ቆመው ገንዘብ ያዡዋን ሲያነጋግሩ ሰማሁ። «ልጄ፣ ወለድ የለም ብላችሁ ነው የገባሁበት፤ ይኼ የተቆረጠው ምንድን ነው?» አሉ። ልጅቱ በትሕትና «የአገልግሎት ክፍያ ነው፣ ሐጂ» አለቻቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ብዙ ስወስድ ይበዛል፣ ትንሽ ስወስድ ያንሳል፤ ታዲያ አገልግሎቱ ምኑ ላይ ነው?» አሉ። ልጅቱ የምትመልሰው አልነበራትም፤ እኔም አልነበረኝም። ከአንድ ሺህም ሆነ ከአምስት ሺህ ብር ጀርባ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ክፍያው ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ፣ ስሙን ብንቀይረውም እሳቸው ለይተው የሚያውቁት ነገር ነው። እኔ የሽያጭ ሐረግ የመሰለኝ ነገር ለእሳቸው የእምነት ጉዳይ ነበር። ሐረጉ ወርዷል፤ እሳቸው ግን ሒሳባቸውን ዘግተው መሄዳቸውን ኋላ ሰማሁ።

«ዋስትና የለም» የሚለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። ጸሐፊው ሊል የፈለገው መያዣም ሆነ ዋስ አይጠየቅም ነው። ነገር ግን «ዋስትና» በአማርኛ መያዣና ዋቢነት ብቻ ሳይሆን መተማመኛም፣ መድንም ነው። ከባንክ ስም በታች በትልቁ «ዋስትና የለም!» ተብሎ ሲነበብ፣ ለቸኮለ ዓይን ባንኩ ስለ ራሱ የመሰከረ ይመስላል። ይህን ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ቤት ግድግዳ ላይ የማይሰቀል ሐረግ ነው። «መያዣ ማቅረብ ወይም ዋስ መጥራት አያስፈልግም» ብንል በአራት ቃላት ይረዝማል፤ የሚያሳስት ትርጉም ግን የለውም።

«ጣጣ የለም» በጥያቄያችን ፊት ቆሞ የሚታይ ነገር ስለሌለው ይወድቃል። «በአንድ ደቂቃ» ደግሞ ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ወደሚል ቦታው ይመለሳል፤ ሲስተም በሚጨናነቅበት ቀን የሚሆነውንም ስለምናውቅ «በጥቂት ደቂቃዎች» ማለቱ ይበቃል። «ኪስህ ደረቀ?» የሚለውን ግን ጥቂት ላንሳው። በጓደኞች መካከል ይህ ጨዋታ ነው፤ ከአበዳሪ አፍ ሲወጣ ግን ችግርን ማስታወስ ይሆናል። አበዳሪው በተበዳሪው ላይ የበላይነት ያለው ወገን ስለሆነ፣ በእኩያ ቋንቋ ሲቀልድ ንቀት ይመስላል። በምትኩ «ገንዘብ ለሚቸገሩ ወገኖች» ብሎ መጻፍም ከዚያ አይሻልም። ጭራሽ ማንሳት አያስፈልግም፤ ብድር የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልግ ያውቀዋል።

ስለ አጠራሩም አንድ ነገር ልጨምር። «አንተ» የሚለው ከአክብሮት ጉድለቱ ሌላ ሴት ደንበኞችን ከደጅ ያስቀራል፤ «እርስዎ» ሁለቱንም ችግር በአንዴ ይፈታል። ሆኖም «እርስዎ» ከተመረጠ እስከ ዳር መሄድ አለበት። ርዕሱ ላይ «ይጠቀሙ» ብሎ፣ መሐል ላይ «ታገኛላችሁ» ብሎ፣ አዝራሩ ላይ «ቀጥል» የሚል የስልክ መተግበሪያ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጠርሁትም። እንዲህ ያለውን መዘበራረቅ ደንበኛው ስሙን አውጥቶ ላይነግረን ይችላል፤ ጽሑፉን ሦስት የማይነጋገሩ ሰዎች እንደጻፉት ግን ይሰማዋል፤ ይህ ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ የሚያስፈራ ስሜት ነው።

እስካሁን ስለ ጨዋታ ስናገር ቆይቻለሁ። ሆኖም በባንክ ጽሑፍ ላይ ከጨዋታ ይልቅ ብዙ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት የጨዋታ ተቃራኒ ተደርጎ የሚወሰደው ቋንቋ ነው። ያችኑ ማስታወቂያ ለአንድ ጥንቁቅ ኃላፊ ብንሰጣት እንዲህ ሆና ትመለሳለች፦

«ባንካችን የተከበሩ ደንበኞቹን ዘርፈ ብዙ ፍላጎት መሠረት ያደረገ፣ ዘመኑን የዋጀ የዲጂታል ብድር አገልግሎት ተግባራዊ በማድረግ ላይ የሚገኝ መሆኑን እየገለጸ፣ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ይሆኑ ዘንድ በታላቅ አክብሮት ይጋብዛል።»

ሳቅ የለበትም፤ ቃለ አጋኖም የለበትም። ግን እስኪ አሃዝ ፈልጉበት። ስንት ብር እንደሚበደር፣ ስንት እንደሚመለስ፣ መቼ እንደሚመለስ አንዲት ቃል የለም። የመጀመሪያዋ ጽሑፍ ቢያንስ 5,000 ብር ብላ ነበር፤ ይህች እሱንም ደበቀችው። ረጅምና ክቡድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የሥልጣን ድምፅ አለው፤ ስለዚህም የታመነ ይመስለናል። ደንበኛ ግን ይህን ድምፅ የሚያውቀው ከቢሮ ደብዳቤ ነው፤ «ነገ ተመለስ» ሊባል ሲል የሚሰማው ድምፅ ነው። ጨዋታውም ሆነ የቢሮው ቋንቋ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም አንባቢው ዋጋውን ሳያይ እንዲያልፍ ያደርጉታል።

እንግዲህ የእኔ ረቂቅ የሚከተለው ነው፦

«እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የአጭር ጊዜ ብድር በስልክዎ መጠየቅ ይችላሉ። መያዣ ማቅረብ ወይም ዋስ መጥራት አያስፈልግም። 5,000 ብር ሲበደሩ የአገልግሎት ክፍያ 300 ብር አስቀድሞ ይወሰድና 4,700 ብር ሒሳብዎ ውስጥ ይገባል፤ በ30 ቀናት ውስጥ 5,000 ብር ይመልሳሉ። ከዘገዩ በየቀኑ 10 ብር ቅጣት ይታሰባል። አገልግሎቱ ቢያንስ ለስድስት ወራት ሒሳባቸውን ላንቀሳቀሱ ደንበኞች ነው፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት ካገኘ ገንዘቡ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይደርስዎታል።»

ልብ ካላችሁት «6 በመቶ» የሚል ነገር የለበትም። መቶኛው በውሉ ላይ መኖር አለበት፤ በማስታወቂያው ላይ ግን ብሩ ከመቶኛው ይልቅ ይታያል። ቅጣቱም የተቀመጠው ከብድሩ መጠን ጋር በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ የፊደል መጠን ነው። ኮከብ አድርጎ ከግርጌ በጉንዳን ፊደል መጻፍ የሕግ ክፍሉን ያስደስት ይሆናል፤ አንባቢውን ግን ከግርጌ ያለው ነገር ሁሉ ወጥመድ ነው ብሎ እንዲጠረጥር ያስተምረዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም አለ። እነዚህን አንብቡ፤ ሆኖም ሕግ ያልጣሰ ጽሑፍ ሁሉ ግልጽ ጽሑፍ ነው ማለት እንዳልሆነ ከሐጂ ጥያቄ ተምሬአለሁ።

በቁጠባ በኩል ያለውንም በአጭሩ ላንሳ። እዚያ ቀልዱን ተክቶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ተረት ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለ የቁጠባ ማስታወቂያ አለ ብዬ ለመናገር እቸገራለሁ። ተረቱ ቆንጆ ነው፤ ውስጡ ግን «ገንዘብዎ ያድጋል» የሚል ቃል አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የኑሮ ውድነቱ ከ7 በመቶ በእጅጉ በልጦ እንደነበር ደግሞ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። በደብተሩ ላይ ያለው አሃዝ አድጓል፤ አሃዙ የሚገዛው ጤፍ ግን አላደገም። ስለዚህ «በተቀማጭ ሒሳብዎ ላይ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይታሰባል» ማለት እንችላለን፤ «ይታሰባል» ባንኩ የሚፈጽመው ተግባር ነው። «ያድጋል» ግን ባንኩ የማይቆጣጠረው ነገር ነው። የምትጽፉት ግሥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ።

ወደ ብድራችን ልመለስና ጠባቡን በር ላሳያችሁ። ይህ ሁሉ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሲላክ ምን ይሆናል? በላቲን ፊደል የሚላክ አንድ መልእክት 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን ግን አንዱ መልእክት 70 ብቻ ነው፤ ፊደሉም፣ አሃዙም፣ ነጥቡም፣ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ። የጨዋታ ማስታወቂያው ይህን ቦታ በ«ኪስህ ደረቀ?»ና በቃለ አጋኖ ጨርሶት፣ ዋጋው ሳይጻፍ ይቀራል። ሰዎችም «70 ቁምፊ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ አይገባም» ይሉኛል። እኔ የመጀመሪያ ሙከራዬን እንዲህ ጻፍሁ፦

«5,000 ብር ብድር፤ ክፍያ 300 ብር ተቀንሶ 4,700 ይደርስዎታል። በ30 ቀን 5,000 ይመልሳሉ።»

64 ቁምፊ ነው፤ ገባ። በጣም ረክቼ ነበር። ከዚያ ሁልጊዜ እንደማደርገው ከመሥሪያ ቤቱ ማርኬቲንግ ጋር ግንኙነት ለሌላቸው ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኋቸውና ስልኩን መልሼ ወስጄ ሦስት ነገር ጠየቅኋቸው፤ ስንት ይደርስዎታል፣ ስንት ይመልሳሉ፣ መቼ? «ግልጽ ነው ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚያ ጥያቄ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ነው የሚለው። ከጠየቅኋቸው አንዷ፣ በሕንፃው ውስጥ ሻይ የምታፈላ ወይዘሮ፣ ስንት እንደሚደርሳት በትክክል ነገረችኝ። ስንት እንደምትመልስ ስጠይቃት ግን «ሦስት መቶውን ቀንሳችሁልኝ የለ? 4,700 ነዋ» አለች። «ተቀንሶ» ለእኔ የተያዘ ክፍያ ነበር፤ ለእሷ በገበያ እንደምትሰማው ቅናሽ ነበር። 5,000 የሚለው በመጨረሻ ቢመጣም፣ ቅናሽ አግኝቻለሁ ብላ ካሰበች በኋላ ስለነበር አልሰማችውም።

ቃሉን በሌላ ቃል ልተካው ሞከርሁ፤ «ተይዞ»፣ «ተወስዶ»፣ «ተቆርጦ»። እያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በመጨረሻ ክፍያውን ከመሐል አውጥቼ ሁለቱን አሃዞች ጎን ለጎን አቆምኋቸው፦

«ብድር፦ አሁን 4,700 ብር ይደርስዎታል፤ በ30 ቀን 5,000 ብር ይመልሳሉ። ልዩነቱ 300 ብር ክፍያ ነው።»

69 ቁምፊ ነው። ቅጣቱ አልገባም፤ እሱ በሁለተኛ መልእክትና ደንበኛው «እስማማለሁ» ከማለቱ በፊት በሚያየው ገጽ ላይ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ሁለተኛው መልእክት የሚያስወጣውን ወጪ ለማስፈቀድ ከፋይናንስ ክፍል ጋር የተደረገው ክርክር ጽሑፉን ከመጻፍ የበለጠ ጊዜ ወስዷል። ወይዘሮዋም በማግሥቱ ሻይ ስታመጣልኝ አዲሱን አሳየኋት። አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና «300 ብር ለአንድ ወር? አይ፣ እኔስ ከዕቁቤ እበደራለሁ» ብላኝ ሄደች።